መብራቱን አጥፍቼ አምፖሉ ጭል ጭል ይላል፤ ችግሩ ከአምፖሉ ነው ከማብሪያው?

የአያት ነዋሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሰሞኑን የቤቱን አምፖሎች በኤልኢዲ ቀየርኩ። የወጥ ቤቱ ብቻ የድሮው ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ ነው፣ እሱ ገና ስላልተቃጠለ ተውኩት። አሁን ማታ መብራት ሳጠፋ መኝታ ቤቱ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም። አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ ሲበራ ያድራል። የኮሪደሩም እንደዚያው ነው፣ ግን እሱ በጣም ደካማ ነው፣ ዓይን ጨለማውን ካልለመደ አይታይም። የወጥ ቤቱ ደግሞ ጠፍቶ ሳለ በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ድርግም ይላል። በድሮዎቹ ቢጫ አምፖሎች ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ልጄ መኝታ ቤቱ ውስጥ ስለሚተኛ ፈራሁ። አደጋ አለው? ቆጣሪስ ይቆጥራል?

ቴክ ወዳጅ
እህቴ አትፍሪ፣ የአምፖል ጥራት ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ሁሌ እንዲህ ያደርጋል። እኔም ቤት ነበረ፣ ሻል ያለውን ገዝቼ ስቀይር ጠፋ። የገመድ ችግር ቢሆን ኖሮ ብሬከሩ ይወድቅ ነበር።

ሐዋሳ ሰፈር
እኔ ጋም አለ! ማታ ማታ አምፖሎቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ምጣድ ሲለኮስማ ጭራሽ ይደክማሉ። መፍትሔው ከተገኘ ንገሩኝ።

ሽቦ ዘርጊ
የአያቷ እህቴ፣ ሦስቱንም አምፖል በአንድ ምክንያት አታስሪያቸው። የነገርሽን ሳነበው ሦስቱ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ።

በመጀመሪያ ለቴክ ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። አንዳንድ አምፖል ውስጡ ማብሪያው ጠፍቶም የምትመጣውን ትንሿን የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የምትውጥ ሬዚስተር አለችው፣ ስለዚህ አይበራም። ነገር ግን ፍሳሹን አምፖሉ አልፈጠረውም። አምፖሉ የሚያደርገው ማሳየት ወይም መደበቅ ነው። አንተ ቤት አምፖል ስትቀይር የጠፋው ምልክቱ ነው፣ ምክንያቱ እዚያው ሊኖር ይችላል። ብሬከር ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ነገር አይወድቅም። ስለ አምፔር ሳይሆን ስለ ሚሊ አምፔር ክፋይ ነው የምናወራው።

የድሮው ቢጫ አምፖል ለምን አላሳየም ለሚለው፦ የዚያ አምፖል ሽቦ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው በጣም ትንሽ ነው። የ60 ዋቱ 100 ኦም እንኳ አይሞላም። ያቺ ትንሽ ፍሳሽ በውስጡ ስታልፍ የምትፈጥረው ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ፍሳሹ ያኔም ነበረ፣ ሽቦውን ማጋል ስላልቻለ አልታየም። ኤልኢዲ ግን ሲበራ የሚስበው ራሱ ጥቂት ስለሆነ በእሷም ላይ ዓይን የሚያየው ብርሃን ይሰጣል።

አሁን የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወጥ ቤቱ ማብሪያ ላይ ማታ የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት አለች? ሁለተኛ፣ ኮሪደሩ በሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ ነው?

ሐዋሳ ያለኸው ወንድሜ፣ ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው። ያንተ አምፖል የሚንቀጠቀጠው በርቶ ሳለ ነው። ምጣድ ሲለኮስ ሁሉም አብሮ ከደከመ መስመርህ ቀጥኗል ወይም የሆነ ቦታ የላላ ማያያዣ አለ። ነገር ግን አንዳንዱ አምፖል ሲደክም ሌላው ከልክ በላይ ቦግ ካለ ዋናው ኒውትራል፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ነቅለህ ዛሬውኑ ለመብራት ኃይል ደውል። ለሌላው ሌላ ጥያቄ ክፈት፣ እዚያ እንነጋገራለን።

የአያት ነዋሪ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ የወጥ ቤቱ ማብሪያ ቀይ መብራት አለው፣ ጨለማ ውስጥ እንዲታይ ብለው ነው የገጠሙት። ኮሪደሩም ከበሩ ጋና ከመኝታ ቤቱ ጋ ሁለት ማብሪያ አለው። እንዴት አወቁ?

ሽቦ ዘርጊ
ብልጭ ድርግም ከሚለው ነው። ያቺ ቀይ መብራት የራሷ ኒውትራል የላትም። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ መንገዷን የምትጨርሰው በአምፖሉ በኩል ነው። ከአንዲት ሬዚስተር ጋር ስለተያያዘች የምታሳልፈው ከ1 ሚሊ አምፔር በታች ነው። ጥምዝምዙ አምፖል ውስጥ ደግሞ ካፓሲተር አለ። ያቺ ፍሳሽ ካፓሲተሩን እንደ ጀሪካን ቀስ በቀስ ትሞላዋለች። ማስነሻው የሚፈልገው ቮልት ላይ ሲደርስ አምፖሉ ሊነሳ ይሞክራል፣ ብልጭ ይላል፣ ያጠራቀመው ያልቃል፣ ይጠፋል። ከዚያ እንደገና መሙላት ይጀምራል። በየጥቂት ሰከንዱ የሆነው ለዚህ ነው።

ለሰው አደገኛ አይደለም። ለአምፖሉ ግን ጥሩ አይደለም። እያንዳንዷ ብልጭታ የቀዝቃዛ ማስነሳት ሙከራ ናት፣ የቱቦውን ጫፍ ትበላዋለች። ጫፉ ጠቁሮ ካየሽ ከዚያ ነው። መፍትሔው ቀይ መብራት የሌለውን ተራ ማብሪያ መግጠም ነው፣ ወይም ኤሌክትሪሺያኑ ማብሪያውን ከፍቶ የዚያችን መብራት ሽቦ ይንቀልልሽ። ወጥ ቤቱ በዚህ ያልቃል።

ሐሳቤ ያለው መኝታ ቤቱ ላይ ነው። እዚያ ቀይ መብራት ከሌለ፣ ማብሪያውም አንድ ከሆነ፣ ማብሪያው ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣውን ፌዝ ትቶ ኒውትራሉን እየቆረጠ ይመስለኛል።

እናትና ልጅ
ይቅርታ፣ ልዩነቱ አልገባኝም። ፌዝ ቆረጠ ኒውትራል ቆረጠ፣ መብራቱ ጠፋ አይደል?

ሽቦ ዘርጊ
መብራቱስ ይጠፋል። ልዩነቱ ማብሪያው ሲጠፋ አምፖሉ ላይ ምን ይቀራል የሚለው ነው። ማብሪያው ፌዙን ከቆረጠ እስከ አምፖሉ ድረስ ያለው ሽቦ ሙት ነው። ኒውትራሉን ከቆረጠ ግን ፌዙ ቀጥታ ወደ ሆልደሩ መጥቶ ቁጭ ብሏል። አምፖሉ ራሱና ከአምፖሉ ወደ ማብሪያው የሚወርደው ሽቦ በሙሉ 220 ቮልት ላይ ተንጠልጥለዋል። የቀረው መውጫ ማጣት ብቻ ነው።

መውጫ ደግሞ በትንሹ ያገኛል። ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ከኒውትራል ገመድ፣ ከመሬት ገመድና ከእርጥብ ሲሚንቶ ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ፕላስቲክ ሽፋኑ ቢኖርም ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በካፓሲተር መልክ በትንሹ ይሻገራል። ለ10 ሜትር ሽቦ ሲሰላ 0.07 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይመጣል። 9 ዋት ኤልኢዲ ሲበራ የሚስበው ከ40 ሚሊ አምፔር በላይ ነው። ከዚያ ጋር ሲታይ ኢምንት ናት፣ ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ አምፖሉን ጭል ጭል ለማድረግ ትበቃለች።

ስለዚህ ጭልጭልታው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሰው ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ተማምኖ፣ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ሲቀይር ነው። ሆልደሩ ውስጥ ሙሉ ፌዝ አለ። ጣቱ ነሐሱን ቢነካ፣ ሌላው እጁ ብረት ወይም እርጥብ ግድግዳ ቢይዝ፣ የሚይዘው ሙሉው 220 ነው።

የአያት ነዋሪ
እንግዲህ አሁን ነው የፈራሁት። እንዴት ነው የማረጋግጠው? ቴስተር አለኝ።

ሽቦ ዘርጊ
የማብሪያውን ክዳን ኤሌክትሪክ እያለ ከፍተሽ የማታውቂ ከሆነ አንቺ አትክፈቺው። ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ ፊትሽ እንዲህ ያድርግልሽ።

ክዳኑ ይከፈት። አምፖሉ ቦታው ላይ ይሁን። ማብሪያው ይብራ፣ አምፖሉ በደንብ እየበራ ሳለ የማብሪያው ሁለት ብሎኖች በቴስተር ይነኩ። ሁለቱም ላይ ቴስተሩ ከበራ ማብሪያው በፌዝ ላይ ነው፣ ትክክል ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ እየበራ ሁለቱም ብሎን ላይ ቴስተሩ ከጠፋ ማብሪያው ኒውትራል ላይ ነው። ከዚያ ማብሪያው ሲጠፋ አንደኛው ብሎን ላይ ቴስተሩ ይበራል፤ ያ ከአምፖሉ ወርዶ የመጣው ፌዝ ነው።

በርቶ ሳለ መፈተኑን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ብዙ ሰው ማብሪያውን አጥፍቶ ሆልደሩን በቴስተር ነክቶ ይፈርዳል። የቴስተር መብራት በጣም በትንሽ ነገር ስለሚበራ ከጎን ገመድ በተሻገረው ብቻ ፈዘዝ ብሎ ሊበራና ሊያሳስት ይችላል።

ቴክ ወዳጅ
እኔ ያላችሁትን አንብቤ ዛሬ በመልቲሜትር ለካሁ። ማብሪያው ጠፍቶ፣ አምፖሉ ወጥቶ፣ ሆልደሩ ላይ 86 ቮልት አገኘሁ! ይሄማ ትንሽ ፍሳሽ አይደለም፣ ግማሽ መስመር ነው። ገመዱ ተበልቷል ማለት ነው?

ሽቦ ዘርጊ
አይደለም፣ ቢያንስ ገና አላወቅንም። ዲጂታል መልቲሜትር ራሱ የሚስበው ኢምንት ነው፣ የውስጥ ተቃውሞው 10 ሜጋ ኦም አካባቢ ነው። ከጎን ገመድ የተሻገረች ትንሽ ነገር እዚያ ላይ ትልቅ ቮልት ሆና ትታያለች። አንድ የድሮ ቢጫ አምፖል ፈልገህ ሆልደሩ ላይ ግጠም፣ እሱ እንዳለ ጎን ለጎን ለካ። 86ቱ ወደ ዜሮ ከወረደ ከጎን ገመድ የተሻገረ ባዶ ቮልት ነበር። ካልወረደ ተመልሰህ ንገረኝ፣ ያኔ ሌላ ወሬ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከአሜሪካ ነው። እዚህም አጋጥሞኛል፣ መስመሩ ግን 120 ቮልት ነው። በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያ ገጥሜ ሳጠፋው ኤልኢዲው ጭል ጭል አለ። ማብሪያ ሳጥኑ ውስጥ ኒውትራል ስላልነበረ ማብሪያው የራሱን ምግብ በአምፖሉ በኩል ይስባል አሉኝ። ከወጥ ቤቷ ቀይ መብራት ጋር አንድ ዓይነት ነገር ይመስለኛል።

ሽቦ ዘርጊ
በትክክል እሱው ነው።

የአያት ነዋሪ
ኤሌክትሪሺያን መጣ። ወጥ ቤቱ በእርስዎ እንደተባለው ሆነ፣ ማብሪያው ተቀየረ፣ ብልጭታው ቆመ። መኝታ ቤቱ ላይ አምፖሉ እየበራ ሁለቱም ብሎን ላይ ቴስተሩ አልበራም። ሲጠፋ አንዱ ላይ በራ። ኤሌክትሪሺያኑም ገረመው። ሳሎኑንና ሌላውን ክፍል ሲፈትን እነሱ ትክክል ናቸው። ኮሪደሩም ፌዝ ላይ ነው፣ ግን አሁንም ጭል ይላል። መኝታ ቤቱን ነገ ሊያስተካክል ነው። ምን ልጠብቅ?

ሽቦ ዘርጊ
ሌሎቹ ክፍሎች ትክክል መሆናቸው ጥሩ ዜና ነው። ሁሉም ተገላብጠው ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ከቆጣሪው ወይም ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ ነበር። ያ ደግሞ የከፋ ነው፤ ብሬከሩ ራሱ ኒውትራል ላይ ስለሚሆን ብታጠፊውም ቤቱ ውስጥ ፌዝ ይቀራል። ያንቺ ከአንድ መገናኛ ሳጥን ውስጥ የመጣ ነው። ሲዘረጋ ሁሉም ሽቦ በአንድ ቀለም ተጎትቶ ከሆነ ሲያያዝ ይምታታል። እኔ ብዙ ቤት ያየሁት ይሄንን ነው።

ነገ ብሬከሩ ይጥፋ። መጥፋቱ በቴስተር ይረጋገጥ፣ ቴስተሩም አስቀድሞ በሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞከር። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ወደ ማብሪያው የወረደው ኒውትራል ይነቀልና ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ላይ ይታሰር። ወደ አምፖሉ ቀጥታ ይሄድ የነበረው ፌዝ ደግሞ ወደ ማብሪያው ይውረድ። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ክዳኑን ዘግቶ ይሄዳል። አትልቀቂው። ሆልደሩም ይከፈት። ሳጥኑ ውስጥ ሲገላበጥ ሆልደሩም ላይ አብሮ ይገላበጣል። በሚዞረው ሆልደር ከማብሪያው የሚመጣው ሽቦ መሃል ላይ ባለችው ምላስ፣ ኒውትራሉ በጥርሱ በኩል መሆን አለበት። አምፖል ሲዞር እጅ የሚነካው ጥርሱን ነው።

ፓወር ክፍል
በኢንጂነርነት ልጨምር። ስለ ማብሪያው ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ኮሪደሩ ላይ ግን ሁሉንም ወደ «የተሻገረ ኤሌክትሪክ» መውሰድ አይመቸኝም። ሽፋኑ የተበላ ወይም እርጥበት የገባበት ገመድም ተመሳሳይ ጭልጭልታ ያመጣል። ቤቱ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ካለው መጀመሪያ ሜገር በሚባለው የገመድ ሽፋን መለኪያ ይለካ። አምፖሎቹ ይውጡ፣ በ500 ቮልት ይፈተን፣ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ገመዱ ይቀየር።

ሽቦ ዘርጊ
ኢንጂነር፣ መለካቱን አልቃወምም። ሁለት ማብሪያ ያለው መስመር ግን ባህርይው ራሱ እንዲህ ነው። ሁለቱን ማብሪያ የሚያገናኙ ሁለት ሽቦዎች አሉ፣ አንዱ ቱቦ ውስጥ ተጠጋግተው ነው የሚሄዱት። መብራቱ ሲጠፋም አንደኛው ፌዝ እንደያዘ ይቀራል፣ ሌላው ወደ አምፖሉ ተያይዟል። ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ኮሪደሩ በረዘመ ቁጥር ይብሳል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

ሌላም ልበልህ። 1 ሜጋ ኦም ያለው ገመድ ፈተናውን አልፏል ትላለህ። በ220 ቮልት ግን 0.22 ሚሊ አምፔር ያፈሳል። ያ ብቻውን ኤልኢዲ ጭል ያደርጋል። ስለዚህ አምፖሉ ጭል ማለቱ የገመዱን ጤና አይነግረንም፣ አለመብራቱም አይነግረንም።

እኔ በእንዲህ ያለ ኮሪደር አምፖሉ ጋ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጎን ለጎን አስራለሁ። ላዩ ላይ X2 እና 275 VAC የሚል የተጻፈበት መሆን አለበት። ሌላ ተራ ካፓሲተር ሊፈነዳ ወይም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ያቺ ፍሳሽ እሱ ላይ ስትደርስ 2 ቮልት ገደማ ብቻ ትፈጥራለች፣ አምፖሉ አይነቃነቅም።

ፓወር ክፍል
ቁጥሩን እቀበላለሁ፣ ካፓሲተሩም ይሠራል። ችግሬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ካፓሲተር ከታሰረ ነገ ግድግዳው እርጥብ ሲሆን ፍሳሹ ቢጨምርም ማንም አያይም። ምልክቱን አጥፍተናል። እኔ ሳልለካ አላስርም።

ሽቦ ዘርጊ
ሜገር ይዞ የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን በሰፈሩ ካገኘች ትለካ። አንተ የምትለው ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ግን ሜገር ያለው ሰው አያገኝም። በሌለበት ቢያንስ አንድ ነገር ታይ፦ ጭልጭልታው ክረምትና በጋ፣ ዝናብና ፀሐይ አንድ ዓይነት ከሆነ የተሻገረ ነው ብዬ እገምታለሁ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ከጨመረ እኔም ካፓሲተር አላስርም፣ ገመዱን ነው የማየው።

እናትና ልጅ
ቆጣሪው ይቆጥራል ወይ የሚለውን ማንም አልመለሰላትም።

ሽቦ ዘርጊ
እውነትሽን ነው። የቀይ መብራቷን ብንወስድ 0.15 ዋት አካባቢ ናት። ወሩን ሙሉ ብትበራ አንድ አስረኛ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የመኝታ ቤቱ ከዚያም በጣም ያንሳል። ሂሳብሽ ከጨመረ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ እዚህ አይደለም።

ቴክ ወዳጅ
የድሮ ቢጫ አምፖል ከጎረቤት አምጥቼ ሞከርኩ። 86ቱ ወደ ዜሮ ወረደ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እኔ ቤት ሁሉም ማብሪያ ላይ አምፖሉ እየበራ ቴስተሩ አይበራም። ሳሎንም፣ መኝታ ቤትም፣ መታጠቢያ ቤትም።

ሽቦ ዘርጊ
እንግዲያው አምፖሎቹን ተዋቸውና ሶኬቶቹን ፈትን።  ብሬከሩን አጥፍተህ አንድ ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎቹን በቴስተር ንካ። ጠፍቶም ከበራ ዋናው ላይ ነው የተገላበጠው። እስኪስተካከል ድረስ ብሬከር አጠፋሁ ብለህ ምንም ነገር እንዳትነካ፤ ቤት ያሉትንም ንገራቸው። ቆጣሪው ጋ ያለውን አንተም ኤሌክትሪሺያንህም አትክፈቱት፣ እሱ የመብራት ኃይል ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ወዲህ ያለውን ግን እናየዋለን። ፈትነህ የአገኘኸውን ጻፍ።

የአያት ነዋሪ
መኝታ ቤቱ ተስተካከለ፣ ሆልደሩንም አስከፈትኩት። ጋሼ እንዳሉት ፌዙ በጥርሱ በኩል ሆኖ ነበር፣ ገልብጦ አሰረው። አሁን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ኮሪደሩን ለጊዜው እንዳለ ተውኩት። ግድግዳው በውጭ በኩል ዝናብ ይመታዋል፣ ስለዚህ እስከ ሐምሌ ዓይቼ እነግራችኋለሁ። ሜገር ያለው ሰው አያት አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።